ወገቧ 5 ሴንቲ ቀነሰ፣ ኪሎዋ ግን ጨመረ፦ ሜትርና ሚዛን ቤት ውስጥ የሚሳሳቱት የት ላይ ነው?

እህቴ ቅዳሜ ጠዋት ደወለችልኝ። እግር ጉዞ ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው። ስትጀምር ወገቧን ለክታ 96 ሴንቲ ሜትር፣ ሚዛን ላይ ወጥታ 74.2 ኪሎ ብላ ስልኳ ላይ መዝግባ ነበር። ያን ቀን ደግማ ስትለካ ወገቧ 91 ሆነ። ደስ ብሏት ሚዛን ላይ ስትወጣ 75 ኪሎ አለ። «ወገቤ በአምስት ሴንቲ ቀንሶ ኪሎዬ እንዴት ይጨምራል? የቱን ልመን?» አለችኝ።

ሁለቱንም አትመኚ አልኳት። ከሰዓት ቤቷ ሄጄ አንድ በአንድ ስናየው፣ ሜትሩም ሚዛኑም ጤነኛ ናቸው። የተሳሳተው አለካኩ ነው። ይሄ የብዙ ሰው ችግር ስለሆነ የእሷን ቁጥሮች ይዘን እንሂድ። (በነገራችን ላይ፣ እዚህ «ሜትር» የምለው ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን፣ የሚተጣጠፈውን መለኪያ ነው።)

ስህተት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። መለየቱ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም አንዱ ብዙም አይጎዳንም፣ ሌላው ግን ሙሉ በሙሉ ያሳስተናል።

ገበያ ላይ እህል በጣሳ ሲሰፈር አስቡት። ጣሳው ራሱ ትንሽ ጎደሎ ነው እንበል። ሁልጊዜ በዚያው ጣሳ፣ ሁልጊዜ ከአፉ እኩል አድርጋችሁ ከሰፈራችሁ፣ ትክክለኛውን ኪሎ ባታውቁትም የዘንድሮው እህል ካምናው መብለጡን ወይም ማነሱን በደንብ ታውቃላችሁ። ይሄ ቋሚ ስህተት ነው። ቁጥሩን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ዓይነት መጠን ይገፋዋል።

አሁን ደግሞ ጣሳው ትክክል ነው፤ ግን አንዴ ቆልላችሁ፣ አንዴ ከአፉ እኩል፣ አንዴ ደግሞ ጠቅጥቃችሁ ትሰፍራላችሁ። አሁን ንጽጽሩ ራሱ ፈረሰ። እህሉ ይብለጥ ይነስ ማወቅ አይቻልም። ይሄ ተለዋዋጭ ስህተት ነው።

ቤት ውስጥ ሰውነቱን የሚከታተል ሰው የሚፈልገው ለውጡን ነው። ስለዚህ ቋሚ ስህተትን ታግሶ መኖር ይችላል። የሚያጠፋው ተለዋዋጩ ነው። እህቴ ያደረገችውም ይሄንኑ ነው፤ መጀመሪያ ቆልላ ሰፈረች፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአፉ እኩል ሰፈረች፣ ከዚያ እህሉ ቀነሰ አለች።

አምስቱ ሴንቲ የት ገባ?

መጀመሪያ እንዴት እንደለካች ጠየቅኳት። ማክሰኞ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ ስስ ሹራብ እንደለበሰች፣ እምብርቷ ላይ፣ ራሷ ነው የለካችው። ቅዳሜ ግን ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበላ፣ ራቁት ቆዳ ላይ፣ ባሏ ነው የለካላት። እሱ ደግሞ ሜትሩን ያዞረው ወገቧ በጣም የሚቀጥንበት ቦታ ላይ ነው። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው።

በዚያው ቅዳሜ ማታ የመጀመሪያውን ልክ እንደነበረ ደገምነው። ያው ሹራብ፣ ከእራት በኋላ፣ እምብርት ላይ፣ በራሷ እጅ። 95.4 መጣ። ጠዋት 91፣ ማታ 95.4፣ በአንድ ቀን። ከዚያ «አምስት ሴንቲ» ውስጥ 4.4 ያህሉ የአለካክ ልዩነት ነበር። የቀረው ግማሽ ሴንቲ ገደማ ነው፤ እሱንም ቢሆን፣ በኋላ እንደምናየው፣ ለውጥ ብሎ መጥራት አይቻልም።

ከምክንያቶቹ ብዙ ሰው የማይገምተው የልብሱን ነው። ሹራቧ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚወፍረው። ሁለት ሚሊ ምን ያህል ይጨምራል ስትባሉ ሁለት ሚሊ፣ ቢበዛ አራት ትላላችሁ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሜትሩ ዙሪያውን ስለሚዞር፣ ከቆዳ በራቀ ቁጥር የሚዞረው ክብ ይሰፋል። የክብ ዙሪያ ደግሞ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 6.28 እጥፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ውፍረት ዙሪያውን በ6 ሚሊ ያህል ትጨምረዋለች። ሁለት ሚሊ ሹራብ 1.3 ሴንቲ ገደማ ይሆናል። ወፍራም ባለ 3 ሚሊ ሹራብ ከሆነ ወደ ሁለት ሴንቲ ይጠጋል። ሱሪው ወገብ ላይ ተጠቅልሎ የታጠፈ ከሆነማ ከዚህም ይበልጣል። ቆዳ ላይ መለካት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሜትሩ ምን ያህል ይጥበቅ?

ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ሆድ ለስላሳ ነው፣ ስትጎትቱት ይገባል። ባሏ ቅዳሜ ጠዋት ሲለካ አጥብቆ ነበር የሳበው፤ ክፋት የለውም፣ ሜትሩ እንዳይንሸራተት ብሎ ነው። ከሰዓት እንደ ጠዋቱ አስደግሜው ያው 91 ሲመጣ፣ ሜትሩን ከወገቧ ሳልፈታው እጁን እንዲያላላ ስነግረው ከ91 ወደ 92.5 ሄደ። ቦታው አልተቀየረም፣ ሰዓቱ አልተቀየረም። ጉተታው ብቻ 1.5 ሴንቲ ወሰደ።

የዓለም ጤና ድርጅት አለካክ የማይለጠጥ፣ በ100 ግራም ያህል ኃይል ብቻ የሚወጠር ሜትር ይላል። መቶ ግራም ስንት እንደሆነ እጃችን አያውቀውም። ማስተማር ግን ቀላል ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ። ውሃው 100 ግራም ነው። የሜትሩን ጫፍ አንገቱ ላይ እሰሩና አንጠልጥሉት። እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ ስበት፣ የጠርሙሱ ጥቂት ግራም ተጨምሮበት ማለት ነው፣ ያ ነው ልኩ። አብዛኛው ሰው ሲሞክረው «ይሄ ብቻ?» ይላል። አዎ፣ ይሄ ብቻ። ሜትሩ ቆዳውን ዙሪያውን ይነካል፣ ግን አይጫነውም። ያልጠበቀ መቀነትን አስቡ፤ አይወድቅም፣ ግን ሰውነት ላይ ምልክት አይተውም። ስትፈቱት ቆዳው ላይ መስመር ከቀረ አጥብቃችኋል ማለት ነው።

ሌላው ሜትሩ ራሱ ነው። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል። የአናጢ ብረት ሜትር ካላችሁ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አስተያዩት። 100 ሴንቲ የሚለው ቦታ ብረቱ ላይ 101 ላይ ካረፈ ሜትራችሁ ቁጥር እያሳነሰ ነው። ሁሌም እሱን ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ለንጽጽር ብዙም አይጎዳም፤ አዲስ ስትገዙ ግን ያው ወገብ በድንገት በአንድ ሴንቲ የሰፋ ይመስላል። የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለችውንም ብረት ተመልከቱ፤ አንዳንዱ ላይ ዜሮ የሚጀምረው ከብረቷ ጫፍ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከእሷ ቀጥሎ።

«ወገብ» የቱ ጋ ነው?

ይሄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፣ ባለሙያዎቹም አንድ መልስ የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት የላይኛው ጫፍ መሃል ነው። የአሜሪካ የጤና ተቋማት የሚጠቀሙበት ዘዴ ደግሞ ከዳሌ አጥንት ጫፍ ልክ በላይ ይላል። ልብስ ሰፊ የሚለካው ሱሪ የሚታሰርበትን ነው። አብዛኛው ሰው ቤቱ የሚጠቀመው እምብርትን ነው። አንድ ሰው ላይ እነዚህ ቦታዎች በሴንቲ የሚለያዩ ቁጥሮች ይሰጣሉ።

ለእህቴ የመጀመሪያውን መረጥን፣ ምክንያቱም አጥንት አይንቀሳቀስም። እምብርት ግን ሆድ ሲወፍርም ሲቀጥንም ቦታውን ይለቃል፤ ልትለኩት የፈለጋችሁት ለውጥ ራሱ ምልክታችሁን ያንቀሳቅሰዋል ማለት ነው። አፈላለጉ እንዲህ ነው። ጎናችሁን በጣት ጫን እያላችሁ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። የጎን አጥንት የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጣታችሁ ወደ ለስላሳው ሥጋ ይገባል። እዚያ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ፣ የዳሌ አጥንት ጫፍን ፈልጉና እዚያም ነጥብ። መሃላቸው ላይ ሦስተኛ ነጥብ። ሜትሩ የሚያልፈው በሦስተኛው ነው፣ በሁለቱም ጎን።

ሰው ብቻውን ሲለካ ሜትሩ ከኋላ በኩል ወርዶ ይቀራል። እህቴን በመስታወት ጎን ስናያት ከፊት ከነበረው አራት ሴንቲ ያህል ወርዶ ነበር። ማዘንበሉ በራሱ ቁጥሩን ብዙ አይጨምርም፣ ግማሽ ሴንቲ ቢሆን ነው። ችግሩ የወረደው ሜትር ወገብን ትቶ ወደ ዳሌ መጠጋቱ ነው፤ ዳሌ ደግሞ ይሰፋል። መፍትሔው መስታወት ፊት በጎን መቆም ነው። ሜትሩ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ መታየት አለበት።

ቆሞ መለካት ምን ችግር አለው?

ቁጥሩን ለማየት ጎንበስ ትላላችሁ። ጎንበስ ስትሉ ሆድ ይታጠፋል፣ ሜትሩም ይላላል ወይም ይጠብቃል። ወይ ደግሞ፣ ይሄ ሳይታወቀን የሚሆን ነው፣ ሜትር ሲነካን ሆዳችንን እንስባለን። ማንም እያታለለ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ የሚያደርገው ነው።

እግር ገጠም አድርጎ፣ ክብደትን በሁለቱም እግር እኩል ጥሎ፣ ወደ ፊት እያዩ መቆም። በደንብ ሁለት ሦስቴ መተንፈስ። ትንፋሽ በተፈጥሮው ወጥቶ ሲያልቅ፣ ያኔ ነው ሜትሩ የሚነበበው። በግድ ማስወጣት የለም፣ አየር ስቦ መያዝም የለም። ብቻችሁን ከሆናችሁ አታንብቡት። ዜሮው ከሌላው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጥፍር ቆንጥጣችሁ ያዙ፣ ሜትሩን ፍቱ፣ ከዚያ ዘና ብላችሁ አንብቡ። ይቺ ትንሽ ዘዴ ብቻዋን የእህቴን የጉንበሳ ችግር ጨረሰች።

ከዚያ ሜትሩን ሙሉ በሙሉ ፈትታችሁ እንደ አዲስ ድገሙት። ሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ ሴንቲ በላይ ካልተለያዩ መካከለኛውን መዝግቡ። ከተለያዩ ሁለቱንም ጥላችሁ እንደገና ጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት አካሄድም ይሄው ነው።

ሚዛኑስ? 75 ኪሎ ከየት መጣ?

ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሚዛኑ መታጠቢያ ቤት፣ ሴራሚክ ላይ ነበር። ከዚያ ለማጽዳት ሲባል ወጣና መኝታ ቤት ምንጣፍ ላይ ቀረ። ስምንት መቶ ግራሙን ያመጣው ይሄ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

የቤት ዲጂታል ሚዛን አሠራር ቀላል ነው። ከሥሩ አራት እግሮች አሉት፣ እያንዳንዱ እግር ውስጥ ትንሽ ብረት አለች። ስትቆሙበት ብረቷ በዓይን የማይታይ ያህል ትጎብጣለች፣ ላይዋ ላይ የተለጠፈ ቀጭን ሽቦም አብሮ ይሳባል። ሽቦ ሲሳብ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት መጠን ይቀየራል። ሚዛኑ የአራቱን ለውጥ ደምሮ ወደ ኪሎ ይተረጉመዋል። ሙሉው ስሌት የቆመው አራቱ እግሮች ጠንካራ መሬት ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል በሚለው ላይ ነው። ምንጣፍ ላይ ግን እግሮቹ ይሰምጣሉ፣ ያዘነብላሉ፣ አንዳንዴም የሚዛኑ ሆድ ምንጣፉን ይነካና ክብደቱን ይጋራል። ቁጥሩ እንደ ሚዛኑና እንደ ምንጣፉ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው፣ በወጣችሁ ቁጥር መለያየቱ ነው።

ሞከርነው። ምንጣፉ ላይ ሦስት ጊዜ ስትወጣ 75.2፣ 74.6፣ 75.4። ሴራሚኩ ላይ 73.9፣ 73.9፣ 73.9።

ሦስቱ አንድ ሲሆኑ ደስ አለኝ። ግን በጣም አንድ ሆኑብኝ። ብዙ ዲጂታል ሚዛኖች ብዙ ሰው የማያውቃት ጠባይ አላቸው። አዲሱ ክብደት ካለፈው በትንሹ ብቻ ከተለየ፣ አዲሱን ትተው ያለፈውን ቁጥር መልሰው ያሳያሉ። ሰው «ሚዛኑ አንድ ዓይነት አይናገርም» ብሎ እንዳያማርር ነው። ስለዚህ ተደጋግሞ አንድ ቁጥር መምጣቱ የሚዛኑን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። እህቴ ቦርሳዋን በደንብ አጭቃ ይዛ አንድ ጊዜ ወጣች፣ ሚዛኑ ያለፈውን ረሳ። ከዚያ ብቻዋን ስትወጣ 73.6 አለ። የእናንተም ሚዛን ይሄ ጠባይ እንዳለው ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ተመዝናችሁ ውረዱ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡና ወዲያው ደግሙ። 200 ግራም ገደማ መጨመር አለበት። ምንም ካልተንቀሳቀሰ የምታዩት የድሮውን ቁጥር ነው።

ከቦታ ቦታ የተነሳ ሚዛን ደግሞ ዜሮውን ይስታል። ስታስቀምጡት አንዴ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፣ 0.0 አሳይቶ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ ውጡበት። የባትሪ ምልክት ካሳየ አትመኑት። ስትቆሙ መሃሉ ላይ፣ ወደ ፊት እያያችሁ፤ ወደ ቁጥሩ ስታጎነብሱ ክብደታችሁ ወደ ፊተኞቹ ሁለት እግሮች ይሄዳል፣ ርካሽ ሚዛን ላይ ደግሞ አራቱ እግሮች እኩል አይሰማቸውም። ሊሾም ሆነ ሴራሚክ ጥሩ ነው፣ እግሩ የሴራሚኮቹ መገጣጠሚያ ስንጥቅ ላይ እንዳያርፍ ብቻ።

ሚዛኑ ልዩነትን በትክክል ማወቁን መፈተን ከፈለጋችሁ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ በቂ ነው። ብቻችሁን ተመዘኑ፣ ከዚያ ሁለቱንም ይዛችሁ። ልዩነቱ ከጠርሙሶቹ ጋር 4.1 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። 3.5 ወይም 4.8 ካለ ችግር አለ።

የመንገድ ላዩ ሚዛንና የቤቴ ሚዛን ለምን ይለያያሉ?

አዲስ አበባ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው በጥቂት ብር የሚመዝኑ ልጆችን የማያውቅ የለም። ቁጥራቸው ከቤታችሁ ቢለይ አይግረማችሁ። ጫማ፣ ጂንስ፣ ጃኬት፣ ስልክና ቁልፍ ተደምረው ሁለት ኪሎ በቀላሉ ይሞላሉ፣ የእግረኛው መንገድ ድንጋይም እንደ ሴራሚክ ለጥ ያለ አይደለም። ሁልጊዜ እዚያ የሚመዘን ሰው ከዚያው ጋር ያወዳድር። የቤቱን ከመንገዱ ጋር ማነጻጸር ግን በሁለት የተለያየ ጣሳ መስፈር ነው።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ሚዛን ይዘው ለሚመጡ ደግሞ አንድ የምትገርም ነገር አለች። ሚዛን የሚለካው የምድር ስበት እኛን የሚጎትትበትን ኃይል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ትቀርባለች፤ በሁለቱም ምክንያት ስበቷ ከዋሽንግተን በትንሹ ያነሰ ነው። ዋሽንግተን ላይ 70 ኪሎ የነበረ ሰው ያንኑ ሚዛን አዲስ አበባ ላይ ቢወጣበት 200 ግራም ገደማ ያነሰ ያያል። ሰውነቱ አልተቀየረም። ይሄ ቋሚ ስህተት ስለሆነ እዚሁ ለሚኖር ሰው ምንም አያደርግም፣ ለጉዞ ሰሞን ብቻ አስታውሱት።

ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ እንኳ ቁጥሩ ለምን ይዋዥቃል?

ምክንያቱ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ስትጠጡት ወዲያው ትከብዳላችሁ፣ ስትሸኑና ሲያልባችሁ ትቀላላችሁ። ጨው የበዛበት ምግብ ውሃ ይይዛል። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ስኳርም እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ሴቶች ላይ የወር አበባ ሊመጣ ሲል የሚያዝ ውሃ አለ፤ ስለዚህ ይሄን ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማስተያየት ካለፈው ሳምንት ጋር ከማስተያየት ይሻላል።

ፋሲካን ውሰዱ። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጡና ክትፎው ተበልቶ በማግስቱ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሯል ይላል። ሰው «በአንድ ቀን ወፈርኩ» ይላል። አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ 7,700 ካሎሪ ገደማ ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ያን ያህል ትርፍ መብላት ይከብዳል። አብዛኛው ጨው የያዘው ውሃና ገና አንጀት ውስጥ ያለ ምግብ ነው፤ በጥቂት ቀን ይወርዳል። በጾም ሰሞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ ከሰዓት የተመዘነ ሰውም በተቃራኒው ቀሎ ይታያል።

ስለዚህ ሰዓቱ አንድ ይሁን። ጠዋት፣ ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ከቁርስና ከውሃ በፊት፣ በውስጥ ልብስ። በየቀኑ ተመዘኑና የሳምንቱን ሰባት ቁጥር ደምራችሁ ለሰባት አካፍሉ። የአንድ ቀን ቁጥር የውሃ ወሬ ያበዛል፣ የሰባቱ መካከለኛ ግን ወሬውን ያሰክነዋል።

አንድ ነገር ግን ለይቼ ልናገር። በልብ ድካም ምክንያት ሐኪም በየቀኑ ተመዘኑ ያላቸው ሰዎች ላይ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ መጨመር «ውሃ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እዚያ ላይ የሚፈለገው ራሱ ውሃው ነው፣ ወዲያው ለሐኪም ይደወላል።

የትኛው ለውጥ ነው እውነተኛ?

ከመጀመራችሁ በፊት የራሳችሁን አለካክ ለኩት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ሜትሩን እየፈታችሁ፣ ሦስት ጊዜ። የእህቴ 93.0፣ 92.2፣ 92.6 መጣ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰው አይቀጥንም፣ ስለዚህ ያ የ0.8 ሴንቲ ልዩነት የእጇ ነው። ከዚያ ያነሰ ለውጥ በሌላ ቀን ብታይ አልሰማሁም ማለት አለባት። ያቺ ከሦስት ሳምንቱ የተረፈች ግማሽ ሴንቲ እዚህ ውስጥ ትገባለች። ክብደቱም ከ74.2 ወደ 73.6 ነው፤ የወረደ ይመስላል፣ ግን ሁለት ነጠላ ቀን ብቻ ስለሆነ በቀን መዋዠቅ ውስጥ ነው።

ይሄ የሚያሳስበው ቁጥሮቹ ውሳኔ ስለሚያስወስኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የወገብ መስመሮች ለወንድ 94 እና 102፣ ለሴት 80 እና 88 ሴንቲ ናቸው። ከመጀመሪያው ካለፈ ከወገብ ውፍረት ጋር የሚመጣ የስኳርና የልብ በሽታ ሥጋት ይጨምራል፣ ከሁለተኛው ካለፈ በጣም ይጨምራል። ከሹራብ በላይ በመለካት ብቻ መስመሩን አልፎ የሚደነግጥ አለ፣ ሜትር አጥብቆ በመሳብም ከመስመሩ በታች ነኝ ብሎ የሚተኛ አለ። የእህቴ ባል ጠዋት ያሳጠራት 1.5 ሴንቲ፣ 89 ላይ ያለችን ሴት 87.5 ያደርጋታል።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አራት ሳምንት በአዲሱ መንገድ ሄደች። ወገብ እሁድ እሁድ ጠዋት፣ ኪሎ በየቀኑ። የየሳምንቱ መካከለኛ 73.7፣ 73.5፣ 73.2፣ 72.9 ሆነ። በመሃል ልደት ነበርና አንድ ሐሙስ 74.4 ብሎ አስደንግጧት ነበር፣ የሳምንቱ መካከለኛ ግን ወረደ እንጂ አልወጣም። ወገቧ ከ92.6 ወደ 91.5 መጣ። 1.1 ሴንቲ ነው፣ ከእጇ ስህተት ትንሽ ይበልጣል፣ ኪሎውም በዚያው አቅጣጫ ነው የሄደው። «አምስት ሴንቲ ነበር የምፈልገው» አለችኝ፣ ግን ይቺኛዋን ደጋግማ ለክታ አገኘቻት።

አሁን መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ላይ የሚዛኑ አራት እግሮች የሚያርፉበት ቦታ በማርከር ተከቧል። ሜትሩም እንዳይታጠፍ በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ያቺ የ100 ሚሊ ጠርሙስ ደግሞ አጠገቡ ናት፣ ባሏ ከመለካቱ በፊት አንዴ አንጠልጥሎ እጁን ያስታውሳል።